ማሽን ሲቆም ለአቅራቢው የሚላክ ኢሜይል፦ የትኛው ርዕስ ቶሎ ይከፈታል?

ረቡዕ ማታ 2 ሰዓት ገደማ ነው። አዳማ አካባቢ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የሁለተኛው መስመር ትልቁ ማራገቢያ መጮህ ይጀምራል። የሽፍት ኃላፊው ያስቆመዋል። መካኒኩ ሲፈታው ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ግሪሱም ጠቁሯል። ይህ ማራገቢያ የተፈጨውን በቧንቧ ውስጥ በአየር የሚያጓጉዘው ነው። እሱ ከቆመ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ኩሽኔታው ላይ የተቀረጸው ቁጥር 22216 EK/C3 ይላል። ስቶር ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ተደውሎ የተገኘው ደግሞ ያለ K ነው። K የሚለው ፊደል ቀዳዳው ሾጠጥ ያለ መሆኑን ይናገራል። ያ ሾጣጣ ቀዳዳ 70 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ በተገጠመው ስሊቭ ላይ ይቀመጣል። ቀጥ ያለ ቀዳዳ ያለው እዚያ ላይ ሊገጠም አይችልም። ትክክለኛው ያለው ዱባይ፣ ፋብሪካው ከዚህ በፊት ከሚገዛበት አከፋፋይ ዘንድ ነው።

ሐሙስ ጠዋት የግዥ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን ትከፍታለች። የምትጽፈው ለአንድ ሰው አይደለም። ስድስት ወይም ሰባት ሻጮች አብረው ለሚያዩት የሽያጭ ክፍል የጋራ ኢሜይል ነው። በዚያ ጠዋት እዚያ ሳጥን ውስጥ ከሌሎች አገሮች የመጡ ብዙ ኢሜይሎች ተደርድረዋል። እንግዲህ ርዕሱ ላይ ምን ትጻፍ?

ይህን ጥያቄ ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የመለዋወጫ አስመጪ ቤት ውስጥ ሽያጭ ላይ ተቀምጬ እንዲህ ያሉ ኢሜይሎችን እከፍት ነበር። በኋላ ወደ ፋብሪካ ግዥ ተዛውሬ ራሴ መላክ ጀመርኩ። ስለዚህ ከታች የማነጻጽራቸው አጻጻፎች ሁሉ በእጄ ያለፉ ናቸው።

ሻጩ ሲያየው

ሻጩ ጠዋት ሲገባ ኢሜይሎቹን አንድ በአንድ አያነብም። ዝርዝሩን ነው የሚያየው። በዝርዝሩ ላይ የሚታየው የላኪው ስም፣ የርዕሱ መጀመሪያና አባሪ መኖሩን የምታሳየው ትንሽ ምልክት ብቻ ነው። በስልክ ከሆነ ደግሞ ከርዕሱ የሚታየው ወደ 35 ወይም 40 ፊደል ገደማ ነው። የቀረው ይቆረጣል።

በዚያች አጭር እይታ ሻጩ በጭንቅላቱ ኢሜይሎቹን ይለያቸዋል። ይሄ ዋጋ ጥያቄ ነው፣ ይሄ ትዕዛዝ ነው፣ ይሄ ቅሬታ ነው፣ ይሄ ደግሞ «ዕቃዬ የት ደረሰ» የሚል ነው። ከዚያ ቶሎ ሊጨርሰው የሚችለውን ያነሳል። ዕቃ ቁጥሩና ብዛቱ ፊቱ ላይ ካለ ሳይከፍተው ሲስተሙ ላይ ስቶክ ማየት ይችላል። ከሌለ ግን መክፈት፣ ማንበብ፣ አባሪ ማውረድ፣ ምናልባትም መልሶ መጠየቅ አለበት። ይህ ሥራ ነው። ሥራ ያለበት ኢሜይል ደግሞ ለከሰዓት ይቆያል።

ብዙ ገዢዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የእኛ ጭንቀት ለሻጩ ወረፋ አይሆነውም። ከእሱ ምን እንደምንፈልግና ያንን ለማድረግ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድበት ነው ቦታችንን የሚወስነው። ስለዚህ የሁለት ደቂቃ ሥራ የሚመስል ርዕስ ከሚጮህ ርዕስ ይቀድማል።

አራት አጻጻፎች ጎን ለጎን

የአዳማዋ ግዥ ሠራተኛ እነዚህን አራቱን ልትጽፍ ትችላለች እንበል፦

```
1. URGENT!!! PLEASE HELP
2. RE: RE: RE: Quotation March
3. Urgent bearing order - line down
4. LINE DOWN 22216 EK/C3 x2 - PI today
```

የመጀመሪያው በጣም የተለመደው ነው። እኔም አብዝቼ የማየው እሱን ነበር። ችግሩ ስለ ዕቃው አንዲት ቃል አለመናገሩ ነው። ሻጩ ሲያየው የሚያውቀው አንድ ሰው መቸገሩን ብቻ ነው። በዚያ ላይ በትልቁ ፊደል ተጽፎ ሦስት ቃለ አጋኖ የተከተለው ርዕስ የአጭበርባሪዎች ኢሜይል ይመስላል። ማጣሪያው ራሱ ወደ አይፈለጌ ሳጥን ሊጥለው ይችላል። በተለይ ከድርጅቱ አድራሻ ሳይሆን ከግል ጂሜይል ከተላከ፣ ኢሜይሉ ውስጥም ስለ ክፍያ ከተነሳ አደጋው ይጨምራል። ኢንቦክስ ደርሶ እንኳ ሻጩ በጥርጣሬ ያየዋል። ሌላም አለ። ሁሉም ገዢ ይህን ቃል ስለሚጠቀም ቃሉ ከሌላው አይለየንም።

ሁለተኛው የሚጻፈው በስንፍና ሳይሆን በቅን ልቦና ነው። «ያውቁናል፣ ባለፈው ያወራንበት ላይ ልመልስ» ተብሎ ነው። ግን ያ ንግግር የመጋቢት ዋጋ ጥያቄ ነው። ለሻጩ የሚታየው አሮጌ ዋጋ ጥያቄ እንደገና መምጣቱ ነው። ኢሜይሉ ከድሮው ሰንሰለት ሥር ይገባል። ያኔ ያስተናገደን ሻጭ ፈቃድ ላይ ከሆነ ወይም ከለቀቀ ደግሞ ሌሎቹ «የእሱ ደንበኛ ነው» ብለው ያልፉታል። ሽያጭ ላይ ሳለሁ አንድ ደንበኛ እንዲህ አድርጎ ሦስት ቀን ሲጠብቅ አይቻለሁ። ኢሜይሉ የለቀቀ ባልደረባችን ስም የተለጠፈበት ሰንሰለት ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ለአስቸኳይ ዕቃ ሁልጊዜ አዲስ ኢሜይል ይከፈት።

ሦስተኛው መጥፎ አይደለም። ቢያንስ መስመር መቆሙን ይናገራል። ግን «ኩሽኔታ» ብቻ ነው የሚለው፣ የትኛው ኩሽኔታ እንደሆነ አይልም። ሻጩ መክፈት ግድ ይሆንበታል። ከአንደኛውና ከሁለተኛው ይሻላል፣ ከአራተኛው ግን ያንሳል።

አራተኛው 35 ፊደል ነው። በስልክም ቢሆን አብዛኛው ይታያል። የቆመ መስመር እንዳለ፣ የትኛው ዕቃ እንደሆነ፣ ስንት ፍሬ እንደተፈለገና ዛሬ የሚጠበቀው ፕሮፎርማ መሆኑን ይናገራል። ሻጩ ቁጥሩን ኮፒ አድርጎ ስቶክ ያያል። ካለ ፕሮፎርማውን ያወጣል። ከመክፈቱ በፊት ግማሹ ሥራ አልቋል።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃ ቁጥሩ አንድ ነገር ላክል። ከቁጥሩ ኋላ ያሉት ፊደሎች ጌጥ አይደሉም። K ከተረሳ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ያለው ይመጣል። C3 ከተረሳ ደግሞ የውስጥ ክፍተቱ ጠባብ የሆነው ይመጣል። ሾጣጣ ቀዳዳ ያለው ኩሽኔታ ስሊቩ ላይ ሲጠበቅ ክፍተቱ ይቀንሳል፣ ሥራ ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ከመጀመሪያው ጠባብ የነበረው እንዲህ ሲሆን ይግልና ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል። ስለዚህ ርዕሱ ላይ ቦታ ለማትረፍ ተብሎ የዕቃ ቁጥር አይቆረጥም። የሚቆረጥ ካለ «ደግ ይሁኑልን» እና «ውድ ጌታዬ» የሚሉት ናቸው። ሰላምታው ከታች፣ ደብዳቤው ውስጥ ቦታ አለው።

ስሊቩስ? አሮጌው ካልተጎዳ ያገለግላል። ከተጎዳ H 316 የሚባለው አብሮ ይታዘዛል። እሱን ርዕሱ ላይ አልጨምረውም። ርዕሱ ላይ አንድ ዋና ዕቃ ይበቃል። ሌላው በደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፋል። አምስት ዕቃ ካለም መስመሩን ያቆመው አንዱ ርዕሱ ላይ ይውጣ፣ ከኋላው «+4» ይባል።

«ክፈሉ፣ እንልካለን» ለሚባል ገዢ

ከውጭ ለሚገዛ የኢትዮጵያ ድርጅት ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ቁም ነገር አለ። ከእኛ ጋር ለዓመታት የሠራ የዱባይ ሻጭ አንድ ነገር ያውቃል። ፕሮፎርማ ይጠየቃል፣ ከዚያ ባንክ አለ፣ ከዚያ የውጭ ምንዛሪ አለ፣ ከዚያ ሳምንታት ያልፋሉ። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ነገሩ ለብዙዎች ቢቀልም ያ ልማድ ከሻጮቹ ጭንቅላት በአንድ ቀን አይወጣም። ስለዚህ «አስቸኳይ» ስንለው በልቡ «ገንዘቡ ሲመጣ ያኔ እናያለን» ይላል። አይፈረድበትም። ዕቃ ለይቶ አስቀምጦ ገዢው የጠፋበት ጊዜ አለ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል።

አንደኛው፣ በመጀመሪያው ቀን የምንጠይቀው ማጓጓዝ መሆን የለበትም። ሳይከፈል አይልክምና «ዛሬ ላኩ» የሚል ርዕስ ሊፈጸም የማይችል ጥያቄ ነው። ሊፈጸም የማይችል ጥያቄ ደግሞ ይቆያል። ያን ቀን በእሱ እጅ ያለው ሁለት ነገር ነው፦ ፕሮፎርማ ማውጣትና ሁለቱን ፍሬ ለተወሰነ ቀን ይዞ ማቆየት። ስለዚህ በርዕሱ ፕሮፎርማውን እንጠይቃለን። በደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ደግሞ እስከ መቼ እንዲይዝልን እንደምንፈልግ እንነግረዋለን። የአዳማዋ ሠራተኛ ባንኩን ጠይቃ «እስከ ማክሰኞ ያዙልኝ፣ ማክሰኞ የስዊፍት ኮፒ ትቀበላላችሁ» ብትል የታመነች ገዢ ናት። ሳታውቀው «ነገ እከፍላለሁ» ብላ ካልከፈለች ግን ቀጣዩ LINE DOWN ክብደት ያጣል።

ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ከሁሉም የሚበልጠው ቃል «አስቸኳይ» አይደለም። «ተከፍሏል» የሚለው ነው። እነዚህን ሁለቱን አስተያዩ፦

```
URGENT - please ship our order
PAID PO 4471 22216 EK/C3 x2 - SWIFT attached - LINE DOWN
```

ሁለተኛውን ያየ ሻጭ ሽያጩ እንደተዘጋ ያውቃል። የቀረው ሒሳብ ክፍሉን «ገንዘቡ ገብቷል ወይ» ብሎ መጠየቅና ለመጋዘን የማውጫ ወረቀት መላክ ነው። የትዕዛዝ ቁጥሩ ያለው ለዚሁ ነው። ሒሳብ ክፍሉም፣ መጋዘኑም፣ ዕቃውን የሚወስደው ኩሪየርም የሚነጋገሩት በዚያ ቁጥር ነው። LINE DOWN ወደ መጨረሻ የሄደውም ሆን ተብሎ ነው። ታሪኩን አስቀድሞ ነግረነዋል፤ አሁን ማስታወስ ብቻ ይበቃል።

ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገርም አለ። የክፍያ ማስረጃ አባሪ አድርጎ «አስቸኳይ» የሚል ኢሜይል አጭበርባሪዎች የሚወዱት ዓይነት ነው። ስለዚህ ይህ ኢሜይል የመጀመሪያው በተላከበት በዚያው የድርጅት አድራሻ ይላክ። የአባሪው ፋይል ስምም የትዕዛዝ ቁጥሩን ይያዝ። የግዥ ኃላፊው ከቤቱ በግል ኢሜይል ቢልከው ሻጩ ደውሎ እስኪያረጋግጥ ድረስ ይቆማል፤ መቆሙም ተገቢ ነው።

ሰንሰለቱን መቀጠል ወይስ ርዕሱን መለወጥ

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። የሐሙሱ ርዕስ ፕሮፎርማ ይጠይቅ ነበር፣ የማክሰኞው ክፍያ ይናገራል። ርዕሱን መቀየር ሰንሰለቱን አይበጥስም? ይበጥሳል። ጂሜይል ርዕስ ሲቀየር እንደ አዲስ ንግግር ይቆጥረዋል። የድሮው የዋጋ ስምምነት በሌላ ቦታ ይቀራል።

የእኔ ልማድ እንዲህ ነው። ጉዳዩ በአንድ ደረጃ ላይ እያለ ርዕሱን አልነካም። ጥያቄና መልሱ፣ የዋጋ ድርድሩ፣ የፕሮፎርማ እርማቱ ሁሉ በአንድ ሰንሰለት ይሄዳል። ከጥያቄ ወደ ትዕዛዝ ሲሸጋገር ግን አዲስ ኢሜይል እከፍታለሁ። የፕሮፎርማውን ቁጥር በመጀመሪያው መስመር ላይ እጽፋለሁ፣ ፕሮፎርማውንም እንደገና አባሪ አደርጋለሁ። ምክንያቱም አሥር መልስ የተከማቸበት ሰንሰለት ለሻጩ የዋጋ ክርክር ይመስለዋል። ክፍያ መድረሱ በአስራ አንደኛው መልስ ውስጥ ሊጠፋ አይገባም።

አንድ ነገር ግን አይነካም። ድርጅቱ ኢሜይሎችን በቲኬት የሚያስተዳድር ከሆነ በራስ ሰር በሚመጣው መልስ ርዕስ ላይ በቅንፍ የተያዘ ቁጥር ይኖራል። ሲስተሙ ኢሜይሉን ከትክክለኛው ፋይል ጋር የሚያገናኘው በዚያ ነው። አዲስ ርዕስ ብንጽፍም ቁጥሩን ኮፒ አድርገን መጨረሻው ላይ እንለጥፈዋለን። ካጠፋነው አዲስ ቲኬት ይከፈታል፣ ወረፋውም ከዜሮ ይጀምራል።

የሙያ ቃላትና ቀይዋ ምልክት

አንዳንድ ሙያዎች የራሳቸው የችኮላ ቃል አላቸው። በአቪዬሽን AOG ይባላል፣ አውሮፕላን መሬት ላይ ቆሟል ማለት ነው። ብዙ የአውሮፕላን ዕቃ አቅራቢዎች ለእሱ ብቻ ሌት ተቀን የሚሠራ ክፍል አላቸው። ስለዚህ ያ ቃል በርዕሱ የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ላይ ሲታይ ኢሜይሉ ሌላ መንገድ ይይዛል። በጭነት መኪና ዓለም ደግሞ VOR የሚል አለ፣ መኪናው ከሥራ ውጭ ሆኖ ቆሟል ለማለት። የእሱ ትዕዛዝ ብዙ ጊዜ ለስቶክ ከሚታዘዘው ቅናሹ ያነሰ ወይም ተጨማሪ ክፍያ ያለበት ነው። ስለዚህ ቃሉን ከመጻፋችን በፊት ዋጋው እንደሚለወጥ እንወቅ፣ አለቃችንም ይወቀው።

ለፋብሪካ ዕቃ እንዲህ ያለ ሁሉም የተስማማበት ኮድ የለም። LINE DOWN እና MACHINE DOWN በደንብ ይገባሉ። ለዱቄት ፋብሪካ ኩሽኔታ AOG ብሎ መጻፍ ግን አልመክርም። ሻጩ የማያውቀው ከሆነ ግራ ይጋባል፣ የሚያውቀው ከሆነ እውነት እንዳልተናገርን ያያል።

ኢሜይል ላይ የምትደረገውን ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት በተመለከተ ብዙ አልልም። አውትሉክ ላይ ትታያለች። ሻጩ ጂሜይል ከሆነ የሚጠቀመው አያያትም። ብናደርጋት አትጎዳም፣ ግን በእሷ አንተማመን።

ሰዓታችንና ቀናችን

ይህ የእኛ አገር ገዢዎች ልዩ ችግር ነው፣ ብዙ ጉዳትም ያደርሳል። ርዕስ ላይ «ከ4 ሰዓት በፊት» ለማለት 4:00 ብለን እንጽፋለን። እኛ ጠዋት 4 ሰዓት ማለታችን ነው። ዱባይ ያለው ሰው ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር 10 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ ስለዚህ እነሱ ዘንድ 11 ሰዓት ይሆናል። ከሚገባው አምስት ሰዓት ዘግይቶ የሚያስረክበን ሰው በራሱ አነባበብ ልክ ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ኩሽኔታው የተጠየቀው ሐሙስ ህዳር 4 ቀን 2018 ነበር እንበል። አንዳንዱ 4/3/18 ብሎ ይጽፋል። ውጭ ያለ ሰው ይህን ማርች 4 ወይም ኤፕሪል 3 ብሎ ያነበዋል። በእነሱ አቆጣጠር ቀኑ ኖቬምበር 13 ነው። እንዲህ ይጻፍ፦

```
13 Nov, 11:00 Dubai time
```

ወሩ በፊደል፣ ሰዓቱ በተቀባዩ አገር። ከዚህ የሚያሻማ ነገር አይወጣም።

ሳምንቱንም እንወቅ። ኤምሬትስ ከ2022 የፈረንጆች ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ የመንግሥት የሥራ ሳምንቷን ቀይራለች። ቅዳሜና እሁድ ዕረፍት፣ ዓርብ ደግሞ ግማሽ ቀን ነው። ብዙ የግል ድርጅቶችም ተከትለውታል። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት ያልተነሳ ጉዳይ ዓርብ ጠዋት ካልታየ ወደ ሰኞ ይሻገራል። የአዳማዋ ሠራተኛ ፕሮፎርማውን «ዛሬ» ብላ መጠየቋ ለዚህ ነው። ሐሙስ ካገኘችው ዓርብ ሙሉ ቀን ለባንክ አላት።

ሌላ የሚጠየቅ ሰዓት አለ፣ ኩሪየሩ ከመጋዘናቸው ዕቃ የሚያነሳበት። ይህን አስቀድሞ በሰላሙ ጊዜ መጠየቅ ነው። ከቀኑ 2 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ከሆነ፣ በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። የስዊፍት ኮፒው 7 ተኩል ላይ ቢደርሳቸው ዕቃው ያን ቀን አይወጣም፤ የቱንም ያህል ርዕሱ ቢያምር።

መልሱ ምን ይናገራል

ርዕሱ መሥራቱን ከሚመጣው መልስ ማወቅ ይቻላል። ስቶክ አለ ወይም የለም ብሎ ከፕሮፎርማ ጋር ከመጣ ሠርቷል። ዋጋ ብቻ ልኮ ስለ ስቶክ ዝም ካለ እንደ ተራ ዋጋ ጥያቄ ነው የቆጠረን። ወዲያው «ሁለቱ ፍሬ እጃችሁ ላይ አለ ወይ?» ብለን እንመልሳለን። «የዕቃ ቁጥሩን ያረጋግጡልን» ካለ ቁጥራችን ጎድሏል ማለት ነው። የኩሽኔታውን ጽሑፍ ፎቶ እንልካለን። «ደርሶናል» ብቻ ካለ ግን ማንም እጁን አላስገባም።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ካሉ ሁለተኛ ኢሜይል ከመጻፍ በፊት ስልክ ይደወል። ሲደወልም «ኢሜይል ልከን ነበር» አይባልም። «ርዕሱ LINE DOWN ብሎ በ22216 የሚጀምር ቁጥር ያለው» ይባል። ያነሳው ሰው በፍለጋ ያወጣዋል፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም ጉዳዩ የእሱ ይሆናል። ስሙን ጠይቁት። ቀጥሎ የሚላከው ኢሜይል በዚያው ሰንሰለት፣ ርዕሱ ሳይነካ፣ በስሙ «ወንድሜ እከሌ፣ በስልክ እንደተነጋገርነው» ብሎ ይጀምር። ርዕሱን ወደ SECOND REMINDER መቀየር የዕቃ ቁጥሩን ከፊቱ ከማጥፋት ሌላ ጥቅም የለውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን LINE DOWN እውነት ሲሆን ብቻ ነው። ሽያጭ ላይ ሳለሁ የነበረ አንድ ደንበኛ ለስቶክ የሚገዛውን ቀበቶ ሳይቀር «መስመር ቆሟል» እያለ ይልክ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእሱን ኢሜይል ማንም ቀድሞ አያነሳውም ነበር። አንድ ቀን እውነትም ቆመበት። ያን ቀንም እንደሌላው ቀን ተስተናገደ፣ እኔም አስተናጋጁ ነበርኩ፣ አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል። ገና ላልቆመ ግን ሊቆም ለተቃረበ ማሽን የተለየ ቃል ይኑረን፦

```
STOP EXPECTED 24 Nov 22216 EK/C3 x2 - PI today
```

ቀኑን በግልጽ ስለሚናገር ሻጩ ጊዜውን ያሰላል። ለስቶክ ለሚገዛ ደግሞ STOCK ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። እንዲያውም ለሌላው ቀን እምነት ያስቀምጣል።

አቅራቢው አዲስ አበባ ከሆነ

ለአገር ውስጥ አስመጪ ስንጽፍ ቋንቋውም፣ የሚያስቀድመው ነገርም ይለያል። በአማርኛ መጻፍ ይሻላል። እንግሊዝኛው አስቸኳይነቱን የዋጋ ማቅረቢያ ፎርማሊቲ ያስመስለዋል። እነሱን የሚያንቀሳቅሳቸው ደግሞ ሰው መኪና ይዞ እየመጣ መሆኑና ክፍያው መዘጋጀቱ ነው፦

```
ማሽን ቆሟል፦ 22216 EK/C3 2 ፍሬ፣ ሲፒኦ ዝግጁ፣ ዛሬ 9 ሰዓት እንወስዳለን
```

እዚህ የእኛው ሰዓት ነው የሚሠራው፣ 9 ሰዓት ሲባል ከሰዓት በኋላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይህን ርዕስ ያየ ሻጭ ስቶሩን «አውጥታችሁ አስቀምጡ» ይላል፣ ደረሰኙንም ቀድሞ ያሰናዳል። ሾፌሩ ደርሶ ፊርማና ማኅተም ሲጠብቅ አይውልም። ኢሜይሉን እንደላኩ ግን ይደውሉ። እዚህ ብዙ ቤቶች ኢሜይል የሚከፍቱት ስልክ ከተደወለላቸው በኋላ ነው። ቴሌግራም የሚጠቀሙ ከሆነም ያንኑ መስመር ከኩሽኔታው ፎቶ ጋር ይላኩላቸው፤ ከK ጋር፣ ከC3 ጋር፣ ምንም ሳይቆረጥ።